ስለ መዥገር አወላለድና አስተዳደግ፤ የሐረርም ሰንጋ ከመዥገር ስለሚጠበቅበት መንገድ

በሐረር ዙሪያ የሚኖር ገበሬ ሰንጋ በማደለብ የታወቀ ነው። አርሶበት የቆየውን በሬ፣ ወይም እንደ ባቢሌ ካለ የቆላ ገበያ የገዛውን፣ በቤቱ ደጃፍ አስሮ ከእርሻው የነቀለውን ለጋ ማሽላና አገዳ በእጁ እየመገበ ብዙ ወር ይቀልበዋል። እንዲህ ያለው ሰንጋ በሜዳ ስለማይሰማራ መዥገር የማያገኘው ይመስላል። ነገር ግን በደጃፍ የታሰረውም ከብት በመዥገር ተሞልቶ ሲከሳ ይታያል። ይህ ስለ ምን እንደሚሆን ለመረዳት አስቀድሞ የመዥገርን አወላለድ ማወቅ ይገባል።

የመዥገር አወላለድና አስተዳደግ

የመዥገር ዓይነቱ ብዙ ነው። ከነዚህም አንዱ ደም ጠጥታ ስትጠግብ መልኳ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው፣ ሊቃውንት ቡፊለስ የሚሏት ናት። ሌሎች መዥገሮች በየዕድሜያቸው ከአንዱ እንስሳ ወርደው ሌላ ይፈልጋሉ፤ ይህች ግን ከሕፃንነቷ ጀምሮ እስክትጠግብ ድረስ ከአንድ ከብት ላይ አትወርድም።

እንስቲቱ ደም ጠጥታ የሽምብራ ፍሬ ያህል ስትሆን ከከብቱ ላይ ትወድቃለች። የምትወድቀውም ይልቁን በሌሊትና በማለዳ ነው። ከወደቀችም በኋላ ከእበት ሥር፣ ከድንጋይ በታች ወይም በግድግዳ ስንጥቅ ገብታ ትሸሸጋለች። በዚያም አንድ ሳምንት ያህል ቆይታ እስከ 2000 የሚደርስ ዕንቁላል ትጥልና ትሞታለች። ዕንቁላሉም ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ይፈለፈላል፤ ብርድ በበረታበት አገር ግን ከዚህ ይዘገያል።

ከዕንቁላሉ የሚወጣው ሕፃን እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ ዓይን በጭንቅ ያየዋል፤ እግሩም 6 ብቻ ነው። ወደ ሣር ጫፍ ወጥቶ ከወንድሞቹ ጋር ተከማችቶ ከብት እስኪመጣ ይጠብቃል። የከብቱን ትንፋሽና ሙቀት በፊት እግሮቹ ያውቃል፤ በቀረበም ጊዜ ይጣበቅበታል። ከብት ባያገኝም ሳይበላ ብዙ ወራት መቆየት ይችላል። ከተጣበቀ በኋላ ደም እየጠጣ ሁለት ጊዜ ቆዳውን ይለውጣል፤ በመጀመሪያው ለውጥ እግሩ 8 ይሆናል፣ በሁለተኛው ለአካለ መጠን ይደርሳል። ከተጣበቀበት ቀን ጀምሮ ጠግቦ እስኪወድቅ ያለው ጊዜ 3 ሳምንት ያህል ነው።

በደጃፍ የታሰረ ከብት ስለሚያዝበት ምክንያት

እንግዲህ አንድ ገበሬ ከቆላ ገበያ በሬ ገዝቶ መጣ እንበል። በበሬውም ጅራት ሥርና በብሽሽቱ ለመጥገብ የተቃረቡ 10 እንስት መዥገሮች አሉ። በሬው በደጃፍ ታስሮ ሲያድር እነዚያ መዥገሮች በጥቂት ቀን ውስጥ እዚያው በማደሪያው ይወድቃሉ። ገበሬውም ሲመለከት በሬው ጸድቷልና ደስ ይለዋል። ነገር ግን አሥሩ መዥገሮች 20000 ዕንቁላል በማደሪያው ጥለዋል። ከሁለት ወር በኋላ ከሚፈለፈሉት ከመቶ አንዱ ብቻ ከብት ቢያገኝ 200 መዥገር ይሆናል፤ እኩሌታው እንስት ቢሆን 100 ነው። ስለዚህ በሦስት ወር ገደማ 10 የነበሩት እንስቶች 100 ሆኑ። በሬውም ብቻ ሳይሆን በአጠገቡ የታሰረችው የቤት ላም ትያዛለች። ገበሬው ግን መዥገሩ ዛሬ የመጣ ይመስለዋል። ከብት ከሚሰማራበት ስፍራ ታጭዶ በሚመጣ ሣርም ሕፃናቱ ሊመጡ ይችላሉ።

መዥገር ስለሚያመጣው በሽታ

መዥገር ደም በመጠጣቱ ከብቱን ያከሳዋል፤ ቆዳውንም በጠባሳ ያበላሸዋል። ከዚህ የሚከፋው ግን በምራቁ የሚያስገባው በሽታ ነው። ከነዚህ አንዱ ሽንትን የሚያቀላው በሽታ ነው። ምክንያቱ ባቤዚያ የሚባል፣ በቀይ የደም ቅንጣት ውስጥ የሚኖር ረቂቅ ነፍሳት ነው። የታመመው ከብት ትኩሳቱ ይበረታል፣ ማመስኳቱን ይተዋል፣ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱም ቀይ ወይም ቡና የመሰለ ይሆናል። እንዲህ ያለ ምልክት ሲታይ መዥገሩን ማንሣት ብቻ አይበቃም፤ በዚያው ቀን ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት ያስፈልጋል።

መዥገር ይህን በሽታ እንደሚያስተላልፍ በ1893 ዓመተ ምሕረት በአውሮጳ አቆጣጠር ያስረዱት ቴዎባልድ ስሚዝና ኪልበርን የተባሉ የአሜሪካ ሊቃውንት ናቸው። ከአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ወደ ሰሜን የሚነዱ ከብቶች ጤነኛ ሆነው ሲታዩ፣ እነርሱ በረገጡት መስክ የተሰማሩት የሰሜን ከብቶች ያልቁ ነበር። ሊቃውንቱ መዥገሩን ለቅመው ባነሡ ጊዜ በሽታው አልተላለፈም። እናቲቱ መዥገር በሽታውን በዕንቁላሏ ለልጆቿ እንደምታወርስም ታወቀ።

የደቡቦቹ ከብቶች ያልታመሙት በጥጃነታቸው በሽታው በቀላሉ ይዟቸው ስለ ለመዱት ነው። በሐረርም አገር እንዲሁ ነው፤ መዥገር ባለበት ያደገ የአገር ዘር ጥጃ በሽታውን ይችላል። መዥገር ከሌለበት ስፍራ የመጣ ትልቅ ከብት ወይም ለወተት የሚረባ የውጭ አገር ዘር ግን በብርቱ ይታመማል። ስለዚህ ለእነዚህ ከሁሉ ይልቅ መጠንቀቅ ይገባል።

የመከላከያው መንገድ

መጀመሪያ፣ ከገበያ የመጣው ከብት ወደ ማደሪያው ሳይገባ ይመርመር። ጆሮው ውስጥ፣ ከአንገቱ ሥር፣ ብብቱ፣ ብሽሽቱ፣ የጡቱ ዙሪያና የጅራቱ ሥር በእጅ ይዳሰስ። መዥገሩ ሲነቀል ከቆዳው አጠገብ ተይዞ ቀጥ ብሎ ይሳብ፤ አፉ በቆዳው ውስጥ ቢቀር ቁስሉ መግል ይይዛልና። የተነቀለውን በምድር መጣል ስሕተት ነው፤ የጠገበች መዥገር ብትጣልም ዕንቁላሏን ከመጣል አትቀርም። ስለዚህ በእሳት ትቃጠል ወይም በነጭ ጋዝ ውስጥ ትጨመር። በባዶ ጣት ማፍረጥም አይገባም፤ የመዥገር ደም ወደ ሰው በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል።

ሁለተኛ፣ መዥገሩ ከበዛ እንደ አሚትራዝ ያለ መድኃኒት በውኃ ተበጥብጦ ይረጭ። ለአንድ ትልቅ በሬ እስከ 10 ሊትር ያስፈልጋል፤ ጀርባው ብቻ ረጥቦ የጅራቱ ሥርና ጆሮው ቢደርቅ መዥገሩ በዚያ ይድናል። ቡፊለስ በከብቱ ላይ 3 ሳምንት ስለምትቆይ፣ በየ21 ቀኑ መርጨት አንዲቱም ጠግባ ሳትወድቅ ለመግደል ነው። ገበሬ ለቁጠባ ብሎ መድኃኒቱን በውኃ ቢያቀጥነው ደካሞቹ ሞተው ብርቱዎቹ ይቀራሉ፣ የእነርሱም ልጆች መድኃኒቱን ይለምዱታል። በደቡብ አፍሪካ ለብዙ ዘመን ከብት በአርሴኒክ ሲነከር ኖሮ በ1930ዎቹ ዓመታት በአውሮጳ አቆጣጠር ይህች መዥገር አርሴኒኩን ለምዳ አልሞት አለች።

ሦስተኛ፣ የማደሪያው እበት በየማለዳው ይጠረግ፤ የግድግዳው ስንጥቅ በጭቃ ይመረግ። በደጃፍ ያሉ ዶሮዎችም የወደቁትን መዥገሮች እየለቀሙ ይበላሉ። በበሬው ላይ የሚታየው መዥገር ጥቂቱ ነው፤ ብዙው በሬው በሚተኛበት ምድር ላይ ነውና፣ ከብቱን አጽድቶ ማደሪያውን የተወ ሰው ሥራውን እኩሌታ እንኳ አላደረሰም።