ከጭንቅላት ግጭት በኋላ፦ የነርቭ ሕዋሳት ጉዳትና ወደ ሜዳ የመመለሻው መንገድ

በቢቸናም ሆነ በሞጣ በበጋ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ሜዳቸው ደረቅና ጠንካራ ነው። ሁለት ተጫዋቾች ኳስ በቴስታ ለመምታት ዘለው ጭንቅላት ለጭንቅላት ሲጋጩ ወይም አንዱ በጀርባው ወድቆ ማጅራቱ መሬት ሲመታ፣ ውኃ ይፈስበታል፣ ትንሽ ያርፋል፣ ከዚያም «ደህና ነኝ» ብሎ ወደ ጨዋታው ይመለሳል። ሐኪሞች ኮንከሽን የሚሉት የአንጎል መናወጥ አደገኛ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። የራስ ቅሉ አልተሰበረም፣ ደም አልፈሰሰም፣ አብዛኞቹ ተጎጂዎችም ራሳቸውን አይስቱም። በነርቭ ሕዋሳቱ ውስጥ የተጀመረው ችግር ግን ገና ቀናት ይቀሩታል።

በሕዋሱ ውስጥ ምን ይሆናል?

ጤናማ የነርቭ ሕዋስ ፖታሲየምን በውስጡ፣ ሶዲየምን በውጭ ይዞ ይኖራል። መልእክት የሚያስተላልፈው ይህ ልዩነት ስላለ ነው። ጭንቅላት በድንገት ሲመታ ወይም ሲሽከረከር ለስላሳው አንጎል ይሳባል፣ የሕዋሱም ሽፋን አብሮ ይለጠጣል። በዚህ ጊዜ ፖታሲየም ወደ ውጭ ይፈስሳል፣ ሶዲየምና ካልሲየም ወደ ውስጥ ይገባሉ። ግሉታሜት የተባለው አነቃቂ ንጥረ ነገርም ያለ ልክ ስለሚለቀቅ ጎረቤት ሕዋሳትን ጭምር ይረብሻል።

ሕዋሱ የተዛባውን ለማስተካከል ፖታሲየምን ወደ ውስጥ፣ ሶዲየምን ወደ ውጭ የሚመልሱ ፓምፖቹን በሙሉ ኃይል ያሠራል። ፓምፖቹ ብዙ ጉልበት ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ የግሉኮስ ፍጆታው በአንድ ጊዜ ያሻቅባል። ግሉኮስና ኦክስጅን የሚያመጣው የደም ፍሰት ግን በዚያው ሰዓት ይቀንሳል። ለድግስ ወፍጮ ሌት ተቀን እየተፈለገ እህል የሚመጣበት መንገድ እንደሚዘጋ ማለት ነው። በዚያ ላይ የሕዋሱ የኃይል ማመንጫ የሆነው ማይቶኮንድሪያ የገባውን ካልሲየም እየሰበሰበ ስለሚታፈን ምርቱ ይወርዳል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ተመራማሪዎች ክሪስቶፈር ጊዛና ዴቪድ ሆቭዳ እ.ኤ.አ. በ2001 ይህን ተያያዥ ሂደት አንድ ላይ አድርገው አቅርበውታል። ከመጀመሪያው የፍጆታ ማሻቀብ በኋላ ሕዋሱ ከወትሮው ያነሰ ጉልበት ይዞ ይቆያል፤ በላቦራቶሪ አይጦች ይህ ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ይደርሳል። በሰው ላይ ከሰው ሰው ይለያያል፣ ሊረዝምም ይችላል።

ሁለተኛው ጉዳት አክሶን በተባለው ረጅምና ቀጭን የሕዋሱ ክፍል ላይ ይደርሳል። በውስጡ ንጥረ ነገር የሚመላለስባቸው እጅግ ደቃቅ ቱቦዎች ሲጎዱ ዝውውሩ ይስተጓጎላል፣ መልእክቱም ይዘገያል። ልጁ ጥያቄ ቶሎ የማይገባው፣ መጽሐፍ ሲያነብ የሚደክመው፣ ሚዛኑ የሚዛባው ለዚህ ነው። ሲቲ ስካን የአጥንት ስብራትንና የደም መፍሰስን ያሳያል እንጂ ይህን አያይም። ስለዚህ «ፎቶው ንጹሕ ነው» የሚለው ውጤት ኮንከሽን የለም ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ምት

ራስ ምታት ሕዋሱ ጉልበቱን ሳይመልስ ሊጠፋ ይችላል። በዚህ መሐል ሁለተኛ ምት ከመጣ፣ ቀላል ቢሆን እንኳ፣ ሕዋሱ የሚቋቋምበት መጠባበቂያ የለውም። አልፎ አልፎ፣ በተለይ በታዳጊዎች ላይ፣ የአንጎል የደም ሥሮች ፍሰታቸውን መቆጣጠር ያቅታቸውና አንጎሉ በደቂቃዎች ውስጥ ያብጣል። በአሜሪካ የዋሽንግተን ግዛት የ13 ዓመቱ ዛከሪ ሊስቴት እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካን ፉትቦል ጨዋታ ጭንቅላቱን ተመትቶ ጥቂት ካረፈ በኋላ ወደ ሜዳ ተመለሰ። ጨዋታው እንዳለቀ ወደቀ፤ በአንጎሉ ደም ፈስሶ ስለነበር አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ በሕይወት ቢተርፍም ከባድ የአካል ጉዳት ደረሰበት። ግዛቱ እ.ኤ.አ. በ2009 በስሙ ባወጣው ሕግ ኮንከሽን የተጠረጠረበት ታዳጊ ወዲያው ከጨዋታ እንዲወጣና ያለ ጤና ባለሙያ የጽሑፍ ፈቃድ እንዳይመለስ ደነገገ።

የመጀመሪያው ቀን

የስፖርት መምህሩ ወይም አሠልጣኙ ጥቂት ጥያቄዎችን መጠየቅ ይችላል፦ የት ሜዳ ላይ ነን? የመጨረሻውን ጎል ማን አገባ? ባለፈው ጨዋታ አሸነፍን? መልሱ ከዘገየ ወይም ከተሳሳተ፣ ልጁ ካዞረው፣ ካቅለሸለሸው ወይም ዓይኑ ከፈዘዘ፣ ለዚያ ቀን ጨዋታው አብቅቷል። ሁሉንም በትክክል ቢመልስ እንኳ ምልክት እስካለው ድረስ አይመለስም።

እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ተደጋጋሚ ማስመለስ፣ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ፣ የእጅ ወይም የእግር መዛል፣ የዓይን ብሌን መጠን መለያየት፣ ለመቀስቀስ የሚያስቸግር እንቅልፍ ወይም የአንገት ሕመም ከታየ ወዲያው ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። በራስ ቅልና በአንጎል መካከል ደም ሲጠራቀም ልጁ ለጥቂት ሰዓት ደህና መስሎ በድንገት ሊወድቅ ስለሚችል፣ የመጀመሪያውን ሌሊት አዋቂ አጠገቡ ይደር። አንገትና ራስ ወጌሻ እንዲያሸው መፍቀድ አደገኛ ነው፤ የተጎዳ የአንገት አጥንት ካለ ሕብለ ሰረሰርን ሊጎዳ ይችላል። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል፤ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ደም መፍሰስን ሊያባብሱ ስለሚችሉ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይቅሩ።

ደረጃ በደረጃ መመለስ

ቀድሞ ልጁን በጨለማ ክፍል ለሳምንታት ማስተኛት የተለመደ ነበር። አሁን የሚመከረው ከ24 እስከ 48 ሰዓት የሚደርስ መጠነኛ ዕረፍት፣ ከዚያም ቀላል እንቅስቃሴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ በጆን ሌዲ የተመራ ጥናት ቶሎ ቀላል የአካል ብቃት እንቅስቃሴ የጀመሩ ታዳጊዎች በአማካይ በ13 ቀን፣ መሳሳቢያ ብቻ የሠሩት ደግሞ በ17 ቀን እንደዳኑ አሳይቷል።

በአምስተርዳም በተደረገው ዓለም አቀፍ ስብሰባ የጸደቀውና እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው መመሪያ ስድስት ደረጃ አለው። አንዲት የ16 ዓመት የ10ኛ ክፍል ተማሪ እንውሰድ። በመጀመሪያው ደረጃ ቀስ ብላ ትራመዳለች፣ ጥቂት ታነባለች። ጀሪካን መሸከምና ሥራ መብዛት ግን በዚህ ጊዜ ይቀርላት፤ ቤተሰብ ይህን እንደ ስንፍና ማየት የለበትም። በሁለተኛው ደረጃ ከፍተኛ የልብ ምቷን ከ220 ላይ ዕድሜዋን ቀንሰን 204 ብለን እንገምታለን። መጀመሪያ ከዚህ እስከ 55 በመቶው፣ ማለትም 112፣ ቀጥሎ እስከ 70 በመቶው፣ ማለትም 143 ገደማ ትደርሳለች። አንጓዋን ይዛ ለ15 ሰከንድ ስትቆጥር 28 ምት ካገኘች የመጀመሪያው ወሰን ላይ ናት፤ 35 ካገኘች ሁለተኛው ቀርቧል። ከፍታው ከ2,400 ሜትር በላይ በሆነ አገር ዳገት ምትን ቶሎ ያሻቅባል፤ ስለዚህ ሜዳ ሜዳውን ትራመድ።

በሦስተኛው ደረጃ ብቻዋን ትሮጣለች፣ ኳስ ትነዳለች፤ ቴስታ የለም። በአራተኛው ያለ ንክኪ ከቡድኑ ጋር ትለማመዳለች፣ በአምስተኛው ሙሉ ልምምድ ትሠራለች፣ በስድስተኛው ትጫወታለች። እያንዳንዱ ደረጃ ቢያንስ 24 ሰዓት ይወስዳል። እስከ ሦስተኛው ደረጃ ድረስ ከ0 እስከ 10 በሚለካ ሕመም ከ2 ያልበለጠ፣ ከአንድ ሰዓት በታች የሚቆይ መጨመር ይፈቀዳል፤ ከዚያ ካለፈ ለዕለቱ አቁማ በማግስቱ ትቀጥላለች። ከአራተኛው ጀምሮ ምልክት ከተመለሰ ወደ ሦስተኛው ትወርዳለች። ወደ አራተኛው ከመግባቷ በፊት ምልክቷ ሙሉ በሙሉ መጥፋት፣ ትምህርቷን ሳትቸገር መከታተል መቻሏ መረጋገጥና ሐኪም መፍቀድ አለበት።

ታዳጊዎች በአብዛኛው በአንድ ወር ውስጥ ይድናሉ፤ ምልክቱ ከአራት ሳምንት ካለፈ እንደገና መመርመር ያስፈልጋል። በሕዋሱ ውስጥ ጉልበቱ መመለሱን በተለመደው ክሊኒክ የሚያረጋግጥ የደም ምርመራም ሆነ ፎቶ እስካሁን የለም። ሐኪሙ ያለው ዋና መረጃ ልጅቷ በየደረጃው ምን እንደተሰማት ስለሆነ፣ መምህሩ የተመታችበትን ቀንና የየዕለቱን ምልክት በደብተር ይጻፍ። ዋንጫው እሑድ ሆኖ እርሷ ቅዳሜ ገና አራተኛው ደረጃ ላይ ከሆነች፣ እሑድ አትሰለፍም።