ከ6 ለ0 በኋላ አሰልጣኙ ምን ይበል?

ከከባድ ሽንፈት በኋላ ለታዳጊ ቡድን የሚደረግ ንግግር ከሁለት ሦስት ደቂቃ ባይበልጥ ይመረጣል። ልጆቹ ደክመዋል፤ አንዳንዱም እንባውን እየዋጠ ነው። ረጅም የታክቲክ ትንታኔ በዚያ ሰዓት ሰሚ ስለሌለው ለቀጣዩ ልምምድ ይቆያል።

ከ13 ዓመት በታች የሆነ ቡድን 6 ለ0 ተሸነፈ እንበል። «ጎበዞች ናችሁ፣ ዕድል ነው» ማለት ይቀላል፤ ጎሎቹን የቆጠሩት ልጆች ግን አያምኑትም። የሚያምኑት ራሳቸው ያዩትን ነው፦ «ከአራተኛው ጎል በኋላም ኳስ ስትነጠቁ ለመከላከል ትመለሱ ነበር። ሁለት ጎል ከማዕዘን ምት የገባብን የቅርቡን ቋሚ የሚጠብቅ ስላልመደብን ነው። ማክሰኞ እሱን እንሠራለን።» ጥፋቱ በበረኛው ላይ አልተደፈደፈም፤ «አልመደብንም» ሲል አሰልጣኙ ራሱንም ጨምሯል።

ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ በ1998 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ይህን ይደግፋል። በብልህነታቸው የተወደሱ የአምስተኛ ክፍል ልጆች ከባድ ጥያቄ ካቃታቸው በኋላ የመቀጠል ፍላጎታቸው ቀንሷል፤ በጥረታቸው የተወደሱት ግን ይበልጥ ጸንተዋል። እርግጥ ነው፣ ሙከራው የተደረገው በእንቆቅልሽ መሰል ጥያቄዎች እንጂ በሜዳ ላይ አልነበረም።

ያልታየ ጥረት ሲወደስ ውጤቱ ይገለበጣል። ቡድኑ ከሦስተኛው ጎል በኋላ መሮጥ አቁሞ ከሆነ ያው ይነገረዋል፤ የማንም ስም ግን አይጠራም። ተጋጣሚው በዕድሜና በጉልበት የሚበልጥ ከነበረም ይነገር፤ አለበለዚያ ልጆቹ ሽንፈቱን ሁሉ የራሳቸው ስንፍና አድርገው ይወስዱታል።