የትርፍ ብዜትና የዕድገት ዋጋ፦ ተመሳሳይ ድርጅቶች ስለምን በተለያየ ዋጋ ይሸጣሉ?

የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በይፋ ሲከፈትና ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሲሆን፣ በደላላና በትውውቅ ይነገር የነበረው የአክሲዮን ዋጋ በአደባባይ የሚታይ ቁጥር መሆን ጀመረ። ዋጋዎች ጎን ለጎን በሚታዩበት ገበያ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ እርሱም በአንድ ዘርፍ የሚሠሩ፣ በአንድ ሕግ የሚተዳደሩና በአክሲዮን እኩል የሚያተርፉ ሁለት ድርጅቶች ስለምን በተለያየ ዋጋ ይሸጣሉ የሚለው ነው።

የገንዘብ ባለሙያዎች ይህን ልዩነት የሚለኩበት የተለመደ መሣሪያ የትርፍ ብዜት ነው። የትርፍ ብዜት የአንድ አክሲዮን የገበያ ዋጋ ድርጅቱ በዓመት በአክሲዮን ለሚያገኘው የተጣራ ትርፍ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ሲሆን፣ ገዢው ለአንድ ብር ዓመታዊ ትርፍ ስንት ብር እንደከፈለ ይናገራል። ቁጥሩ ብቻውን ግን ርካሽና ውድን አይለይም፤ ምክንያቱም ዋጋው ሁለት ነገሮችን አጣምሮ ይይዛል። አንደኛው ድርጅቱ ዛሬ ባለበት ቢቆምና ትርፉን በሙሉ ለባለአክሲዮኖች ቢያከፋፍል የሚያወጣው ዋጋ ነው፤ ሁለተኛው ወደፊት ከሚያገኛቸው የሥራ ዕድሎች የሚጠበቀው ተጨማሪ ጥቅም ዛሬ ያለው ግምት፣ ማለትም የዕድገት ዕድሎች ዋጋ ነው። ቀመሩ አጭር ነው፦

P = E / r + G

እዚህ ላይ P የአክሲዮኑ ዋጋ፣ E በአክሲዮን የሚደርሰው የመጪው ዓመት ትርፍ፣ r ባለሀብቱ ለሥጋቱ የሚጠይቀው ዓመታዊ መመለሻ፣ G ደግሞ የዕድገት ዕድሎች ዋጋ ነው።

አራት ባንኮችን በምሳሌ መውሰድ የ G ን ጠባይ ግልጽ ያደርገዋል። አራቱም በአክሲዮን 200 ብር ያተርፋሉ እንበል፤ ባለሀብቶቻቸውም 20 በመቶ ይጠይቃሉ። የመጀመሪያው ትርፉን ሁሉ ያከፋፍላል፤ ስለዚህ አክሲዮኑ 1,000 ብር፣ ብዜቱም 5 ይሆናል። ሁለተኛው ግማሹን ትርፍ አስቀርቶ 30 በመቶ በሚያስገኝ ሥራ ላይ ያውለዋል፤ ትርፉ በየዓመቱ 15 በመቶ ያድጋል፣ የሚያከፋፍለው 100 ብር ለ 20 እና ለ 15 በመቶ ልዩነት ሲካፈልም ዋጋው 2,000 ብር፣ ብዜቱ 10 ይሆናል። ሦስተኛውም ግማሹን ያስቀራል፤ ነገር ግን የሚያገኘው 20 በመቶ ብቻ ስለሆነ፣ ትርፉ በየዓመቱ 10 በመቶ ቢያድግም ዋጋው ከ 1,000 ብር ፈቀቅ አይልም። አራተኛውም ግማሹን አስቀርቶ 12 በመቶ በሚያስገኝ ሥራ ላይ ያውለዋል፤ እርሱም 6 በመቶ እያደገ ዋጋው ወደ 714 ብር ይወርዳል፤ የዕድገት ዕድሎቹ ዋጋም ከዜሮ በታች 286 ብር ነው። ከአራቱ ሦስቱ ያድጋሉ፤ ዕድገቱ ዋጋ የጨመረለት ግን አንዱ ብቻ ነው። ለብዜት ልዩነት መንሥኤው ዕድገት ብቻ ነው የሚለው የተለመደ አነጋገር ጎደሎ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ወሳኙ ነገር አዲሱ ገንዘብ የሚያስገኘው መመለሻ ባለሀብቱ ከሚጠይቀው መብለጡ ነው።

አራተኛው ባንክ የወረቀት ፍጡር ብቻ አይደለም። ብሔራዊ ባንክ በ 2013 ዓ.ም. የባንኮችን ዝቅተኛ የተከፈለ ካፒታል ከ 500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ ሲያደርግ ባንኮች ትርፋቸውን እንዲያስቀሩና አዲስ አክሲዮን እንዲሸጡ ተገደዱ፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ዓመታዊ የብድር ዕድገታቸው ከ 14 በመቶ እንዳይበልጥ ገደብ ተጣለ። ገደቡ በኋላ ቢላላም፣ ካፒታሉ እየጨመረ ብድሩ በተገደበባቸው ዓመታት የተሰበሰበው ገንዘብ ወደ ዝቅተኛ ወለድ የሚያዘነብልበት ዕድል ሰፊ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ቀልጣፋው ባንክም ሆነ ደካማው በአንድ ጣሪያ ሥር ስለሚሆኑ በብዜታቸው መካከል ያለው ልዩነት መጥበቡ አይቀርም፤ ጣሪያው ከፍ ሲል ደግሞ ተበዳሪን የመምረጥ ችሎታ በዋጋ ላይ መታየት ይጀምራል።

የትርፉ ቁጥር ራሱም ያሳስታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ ከዕዳቸው የበለጠ የውጭ ምንዛሪ ሀብት የነበራቸው ባንኮች ያለ ተጨማሪ ሥራ ከምንዛሪው ለውጥ ትርፍ የሚያገኙበት ሁኔታ ተፈጠረ። እንዲህ ያለው ትርፍ በየዓመቱ የሚደገም ባለመሆኑ፣ በብዜት ሲታይ ባንኩን ከእውነተኛ ዋጋው በታች ርካሽ ያስመስለዋል። መለያው የገቢ መግለጫው ነው፤ ትርፉ ከወለድና ከአገልግሎት ክፍያ መጥቶ እንደሆነ ወይም ከምንዛሪ ልዩነት፣ መስመር በመስመር ይነበባል።

ከባንኮች ውጭ የበለጠ የሚያስተምረው የቴሌኮም ዘርፍ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ከጥቅምት 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የባለቤትነቱን 10 በመቶ፣ ማለትም 100 ሚሊዮን አክሲዮኖችን፣ እያንዳንዱን በ 300 ብር ለሽያጭ አቀረበ። ሽያጩ በቴሌብር በኩል ስለነበረ ከዋና ከተማዋ ውጭ የሚኖር ሰው አዲስ አበባ ሳይሄድ ዝቅተኛውን 33 አክሲዮን በ 9,900 ብር መግዛት ይችል ነበር። የድርጅቱ የ 2016 በጀት ዓመት የተጣራ ትርፍ 22 ቢሊዮን ብር ገደማ ስለሆነ፣ ለ 1 ቢሊዮን አክሲዮን ሲካፈል ለእያንዳንዱ 22 ብር ያህል ይደርሰዋል፤ ብዜቱም ወደ 14 ይጠጋል። ይህንኑ ትርፍ ለመጪው ዓመት መነሻ አድርጎ ባለሀብቱ 20 በመቶ ይጠይቃል ብንል፣ ያለ ዕድገት ያለው ዋጋ 110 ብር ነው፤ ቀሪው 190 ብር የዕድገት ክፍያ ይሆናል። ይሁን እንጂ የዋጋ ንረት ባለበት አገር ይህ ሁሉ እውነተኛ ዕድገት አይደለም። ትርፉ ንረቱን ተከትሎ ብቻ በዓመት 10 በመቶ ቢጨምር ዋጋው 220 ብር ይደርሳል፤ ለእውነተኛ አዲስ ሥራ የተከፈለው 80 ብር ብቻ ነው ማለት ነው። ይህም ስሌት ለጋስ ነው፤ ያረጀ መሣሪያ በውጭ ምንዛሪ ስለሚተካ፣ ትርፉ ሳይነካ ሊከፋፈል አይችልምና። በመጨረሻ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን ያህል መሆኑ በከፊል ከዚህ ጋር ሊያያዝ ይችላል፤ 300 ብር ሻጩ የወሰነው እንጂ ገዢና ሻጭ ተከራክረው የደረሱበት ዋጋ አልነበረም።

በዚያው ገበያ ያለው ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ደግሞ በ 2013 ዓ.ም. ለፈቃድ 850 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎለት በ 2015 ዓ.ም. አገልግሎቱን በይፋ ሲጀምር በኪሳራ ነበር። ለኪሳራ ብዜት አይሰላም፤ ነገር ግን የተከፈለው ገንዘብ በሙሉ ለወደፊት ዕድል ነው። ኪሳራው ናይሮቢ ውስጥ በሚገበያየው እናት ኩባንያ መዝገብ ላይ ትርፍ ስለሚቀንስ የእርሱን ብዜት ከፍ ያደርገዋል፤ የኬንያውን ሥራ ከኢትዮጵያው ሳይለይ ኩባንያውን ከሌላ ቴሌኮም ጋር የሚያነጻጽር ሰው ውድ ነው ብሎ ይደመድማል። ትክክለኛው መንገድ የኬንያውን ትርፍ ለብቻው በተመሳሳይ ቴሌኮሞች ብዜት ማባዛት፣ ከዋጋው የተረፈውንም ገበያው ለኢትዮጵያ የሰጠው ግምት አድርጎ መመርመር ነው፤ ያ ግምት ስንት ደንበኛ፣ በስንት ብር ወርሃዊ ገቢና በስንተኛው ዓመት እንደሚጠይቅ ተሰልቶ ሲታይ ብቻ የዋጋው ልዩነት አሳማኝ ይሁን ወይም የተጋነነ ለማለት ይቻላል።