የንፋስ ፍሬን ለምን ቀስ ብሎ ይሞላል?

ከጅቡቲ ወደብ የጫነ ባለ ተሳቢ መኪና ጠዋት ሞተሩ ተነስቶ ንፋስ እስኪሞላ ሩብ ሰዓት ሲፈጅ፣ ከሥሩም የማያቋርጥ የማፏጨት ድምፅ ሲሰማ፣ ብዙዎች ቶሎ የሚፈርዱት በኮምፕረሰሩ ላይ ነው። አንዳንዴ ትክክል ናቸው። ብዙ ጊዜ ግን ኮምፕረሰሩ የሌላ ብልሽት ተጎጂ ነው፤ ያ ብልሽት ካልተገኘ አዲስ የተገጠመውም አይበረክትም።

ከባድ መኪና ላይ ፍሬኑን የሚገፋው የታመቀ አየር ነው። ሞተሩ የሚያዞረው ኮምፕረሰር አየሩን ይጨምቃል፤ የጋለው አየር በብረት ቱቦ ወደ ማድረቂያው ሄዶ ውሃና ዘይቱን ከጣለ በኋላ ወደ ታንኮቹ ይገባል። ከማድረቂያው መውጫ ላይ የገባው አየር ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክል ትንሽ ቫልቭ አለ። ጥፋቱ ከዚህ ቫልቭ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለውን ከለየን የምርመራው ግማሽ አለቀ ማለት ነው።

መለየቱ ብዙ መሣሪያ አይፈልግም። መኪናው ሜዳ ላይ ይቆማል፣ ለጎማዎቹ ታኮ ይደረጋል፣ አየሩ እስኪሞላ ይጠበቃል፤ ብዙ መኪና ላይ ይህ ከ8 ባር ጀምሮ ነው። ከዚያ ሞተሩ ይጠፋል፣ ፍሬኖማኖው ይለቀቃል፣ የግፊት መለኪያው ይታያል። በአሜሪካ የከባድ መኪና ሾፌሮች ፈተና ላይ ባለ ተሳቢ መኪና ፍሬን ሳይረገጥ በደቂቃ ከ0.2 ባር ያህል፣ ተረግጦ ደግሞ ከ0.3 ባር ያህል በላይ መቀነስ የለበትም።

መርፌው ከዚህ በላይ ከወረደ ማፍሰሱ ከቫልቩ ወዲያ ነው። ድምፁ መቼ እንደሚሰማ ማስተዋል ቦታውን ይጠቁማል። ፍሬን ሲረገጥ ብቻ የሚመጣ ከሆነ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው በጎማው አጠገብ ያለው የፍሬን ቻምበር ጎሚኒ ነው። ፍሬኖማኖው ሲለቀቅ ተሰምቶ ሲያዝ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ጠንካራው ስፕሪንግ ያለበት የቻምበሩ ክፍል ነው። ይህን ክፍል ማንም በመንገድ ዳር እንዳይፈታው፤ ታምቆ የተቀመጠው ስፕሪንግ ሲወረወር ሰው ይገድላል። መጋጠሚያዎቹን ሁሉ የሳሙና አረፋ መቀባት በቂ ነው፤ አየር በሚወጣበት አረፋው ይነፋል።

መርፌው ባለበት ከቆመ፣ ነገር ግን አሞላሉ አሁንም ከዘገየ፣ ጥፋቱ ከቫልቩ በፊት ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፤ ሞተሩ ጠፍቶ ግፊቱ ስላልወረደ «የሚያፈስ የለም» ይላሉ። ከኮምፕረሰሩ እስከ ማድረቂያው ባለው መንገድ የሚያመልጥ አየር ግን ሞተሩ ሲሠራ ብቻ ነው የሚታወቀው። ማድረቂያው አየሩ ሞልቶ ሲያበቃ አንዴ ተንፍሶ ዝም ቢል ጤናማ ነው፤ እየሞላ ሳለ ያለማቋረጥ ከነፋ ግን ቆሻሻ ማስወጫው አልተዘጋም።

አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው እንከተል። ሞተሩ ጠፍቶ መርፌው በደቂቃ ግማሽ ባር ይወርዳል። ወደ ተሳቢው የሚሄደው አየር ሲዘጋ ግን ይቆማል። ስለዚህ ተሳቢው ይፈተሻል፤ የመገናኛው ጎሚኒ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በርካሽ ዋጋ ይቀየራል፣ መርፌውም ይቆማል። አሞላሉ ግን አሁንም ቀርፋፋ ነው፣ ማድረቂያውም ይነፋል። ማስወጫው ሲከፈት መቀመጫው ላይ ጥቁር፣ ዘይታማ ዝቃጭ ተለጥፏል። የብረቱ ቱቦ ሲፈታም ውስጡ በካርቦን ጠቧል።

ሁሉም የተጀመረው ከዚያች ጎሚኒ ነው። ታንኮቹ ሲሞሉ ኮምፕረሰሩ መጨመቁን አቁሞ መቀዝቀዝ ነበረበት፤ አየሩ ስለሚያመልጥ ግን ዕረፍት አላገኘም። ከመጠን በላይ ሲግል ያለፈው ዘይት በቱቦው ውስጥ ተቃጥሎ ካርቦን ሆነ፣ የጠበበው ቱቦ ሙቀቱን ጨመረ፣ ሙቀቱም ፋሻዎቹን በላ። የበለጠ ዘይት አለፈ፣ ማስወጫውም በዝቃጩ ተጣበቀ። የታፈነ የአየር ማጣሪያም ዘይት ወደ ላይ እንዲሳብ በማድረግ ይህን ያባብሳል።

እንዲህ ያለው መኪና ዓባይ በረሃን ሲወርድ አደጋው ይገለጣል። ከጎሐ ፅዮን እስከ ድልድዩ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ሾፌሩ ፍሬኑን ደጋግሞ በረገጠ ቁጥር ከታንኩ አየር ይወጣል፣ ደካማው ኮምፕረሰርም የወጣውን አይተካም። ግፊቱ በጣም ሲወርድ የኋላ ጎማዎች በስፕሪንጉ ይያዛሉ፤ ይህ የሚሆነው ሾፌሩ በመረጠው ቦታ አይደለም።

ኮምፕረሰሩ ራሱ የሚፈረድበት ቱቦውና ማጣሪያው ከጸዱ፣ ማስወጫው ከተስተካከለ በኋላ ነው። ያኔም አሞላሉ ከዘገየ፣ ከታንኮቹ በየቀኑ ዘይት የሚወርድ ከሆነ ፋሻው አልቋል። ራዲያተሩ ውስጥ አየር እየተንቦጫረቀ ከሆነ ደግሞ የኮምፕረሰሩ ቴስታታ ጓርኒሲዮን ሳይከፈል አልቀረም። ኮምፕረሰሩ ሲቀየር ቱቦው አብሮ መጽዳት ወይም መቀየር፣ የማድረቂያው ማጣሪያም አዲስ መሆን፣ ታንኮቹም እስከ ጠብታ መራገፍ አለባቸው። ከዚያ ሰዓት ይያዝ፦ ሞተሩ ከፍ ባለ ዙር እየሠራ ከ6 ወደ 7 ባር ለመድረስ፣ ከዚያው የአሜሪካ ፈተና ጋር ሲነጻጸር፣ 45 ሰከንድ ያህል ይበቃዋል።