ሲቪዎን ማሽኑ ማንበብ ይችላል?

ብዙ ትልልቅ ቀጣሪዎች ሲቪን ሰው ከማየቱ በፊት በሶፍትዌር ያስለያሉ። ሶፍትዌሩ የሚያነበው የፊደሉን ቅርጽ ሳይሆን ከሥሩ ያለውን ኮድ ነው። ለእንግሊዝኛ ሲቪ Calibri ወይም Arial በ11 መጠን ይበቃል፤ ያጌጡትን ለሠርግ ካርድ ይተዉአቸው።

ጣጣው አማርኛው ላይ ነው። ዩኒኮድ ያልሆኑት የቀድሞ የግዕዝ ፎንቶች የላቲን ኮድን የአማርኛ ቅርጽ ያለበሱ ናቸው። ስክሪኑ ላይ «ሒሳብ ሠራተኛ» ቢልም ማሽኑ የሚያገኘው የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፤ «ሒሳብ» ብሎ የሚፈልግ ቀጣሪ እርስዎን አያገኝም።

ለመፈተሽ ሲቪውን በPDF ያስቀምጡና ጽሑፉን ኮፒ አድርገው Notepad ላይ ይለጥፉት። አማርኛው ተበላሽቶ ከመጣ ፎንቱን ወደ Nyala መቀየር ብቻ አያድነውም፤ ኮዱ ያው ነውና። በዩኒኮድ እንደገና መተየብ ወይም በመቀየሪያ ፕሮግራም ማሻገር ያስፈልጋል።