በአንቀጽ የተጻፈ ሲቪ በክፍል ሲደራጅ

«በ2008 በእንስሳት ሳይንስ በዲፕሎማ ተመርቄ፣ ከ2009 እስከ 2012 በወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት አርሶ አደሮችን አሠልጥኛለሁ፤ ክትባትም ሰጥቻለሁ።»

እንዲህ ያለ አንቀጽ ትምህርትንና ሥራን ይቀላቅላል። ወር ስላልተጠቀሰም ልምዱ ሁለት ዓመት ከጥቂት ወራት ወይም አራት ዓመት ሊሆን ይችላል፤ ሦስት ዓመት ለሚጠይቅ ማስታወቂያ ይህ ልዩነት ወሳኝ ነው። ስለዚህ ጽሑፉ በርዕስ ይከፈላል፦

የሥራ ልምድ
ጥር 2009 – ሰኔ 2012 ዓ.ም፣ የእንስሳት ባለሙያ፣ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት
• አርሶ አደሮችን ማሠልጠን
• እንስሳትን መከተብ

ትምህርት
ሰኔ 2008 ዓ.ም፣ ዲፕሎማ፣ እንስሳት ሳይንስ

ነጥቦቹ በአንድ ዓይነት የግሥ ቅርጽ ይጻፋሉ። ወራቱ ከሥራ ልምድ ደብዳቤው ላይ ይወሰዳሉ፤ ደብዳቤው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከሆነ፣ ቀኖቹ ሁሉ ወደ አንድ አቆጣጠር ይቀየራሉ።