የታሪክ ክስተቶች ቅደም ተከተል (የመተማ ጦርነት ምሳሌ)

የቅደም ተከተል ጥያቄ የሚባለው ተደበላልቀው የተሰጡ የታሪክ ክስተቶችን በጊዜ መስመር ላይ በየቦታቸው አስቀምጦ፣ ለእያንዳንዱ ቦታ አጭር ምክንያት መስጠትን የሚጠይቅ የፈተና ዓይነት ነው። አብርሃ ጅራ የሚኖር ተማሪ መተማ የት እንዳለች ሳይነገረው ያውቃል፤ ጦርነቱ ከምን በኋላ፣ ከምን በፊት እንደተደረገ ማወቅ ግን ሌላ ነገር ነው።

ምሳሌ፦ የአድዋ ጦርነት፣ የመተማ ጦርነት፣ የውጫሌ ውል፣ የሳር ውኃ ጦርነት እና የአድዋ ውል ተሰጥተዋል እንበል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው የዘመን አቆጣጠር መቀላቀል ነው። አንዱ መጽሐፍ የአድዋን ጦርነት 1888 ይላል፤ ሌላው የመተማን 1889 ይላል። ሁለቱን ቁጥሮች እንዳሉ የወሰደ ተማሪ አድዋን ያስቀድማል። ነገር ግን 1888 ዓ.ም. የኢትዮጵያ፣ 1889 ደግሞ የአውሮፓ አቆጣጠር ነው። መተማ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ስለሆነ አድዋን በሰባት ዓመት ይቀድማል። ስህተቱን ለማወቅም አይከብድም፤ አፄ ዮሐንስ 4ኛ የሞቱት በመተማ ቆስለው ነው፣ አድዋ ላይ የዘመቱት ግን አፄ ምኒልክ ናቸው።

ሁለተኛው ወጥመድ ስም ነው። የአድዋ ውል (የሂወት ውል) ከጦርነቱ ጋር አንድ አይደለም። ግንቦት 27 ቀን 1876 ዓ.ም. ከእንግሊዝና ከግብጽ ጋር የተፈረመ ሲሆን፣ በማህዲ ተከታዮች የተከበቡት የግብጽ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ ይፈቅዳል። ኢትዮጵያን ከደርቡሾች ጋር ያጋጨው ይህ ስለሆነ መጀመሪያ ይቀመጣል።

ሳር ውኃ ቀጥሎ ይመጣል። በጥር 1880 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በደምቢያ ተሸነፉ፣ ጎንደርም ተቃጠለች። አፄ ዮሐንስ ወደ መተማ የዘመቱት ከዚህ በኋላ ነው።

መተማና የውጫሌ ውል ሁለቱም 1881 ዓ.ም. ናቸውና ዓመቱ ብቻ አይለያቸውም። ወሩ ይለያቸዋል፤ ውሉ ሚያዝያ 25 ቀን ተፈረመ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከሞቱ ሁለት ወር ሳይሞላ። ምክንያት ሲጻፍ ግን «ምኒልክ መጀመሪያ ዘውድ ጭነው ከዚያ ፈረሙ» ማለት ያሳስታል። ነገሩ ትክክል ይመስላል፤ የዘውዱ በዓል ግን ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ነው፣ ከውሉ ስድስት ወር በኋላ። በአውሮፓ አቆጣጠር መተማ፣ ውጫሌና ዘውዱ ሦስቱም 1889 ናቸው፤ በእኛ ግን በመስከረም ዓመቱ ስለሚለወጥ ዘውዱ ወደ 1882 ይሻገራል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ላለው ጊዜ 7፣ ለቀሪው 8 የሚቀነሰውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የአድዋ ጦርነት መጨረሻ ነው፤ የጦርነቱ መነሻ የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ነበርና።

ስለዚህ መልሱ፦ የአድዋ ውል፣ ሳር ውኃ፣ መተማ፣ የውጫሌ ውል፣ የአድዋ ጦርነት።